በጥግ ያለችው ትንሿ ቁጥር

ጋሼ ሳምንት ሲባል የሰማ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲጠጣ የሚከርም ሰካራም ይመስለዋል። ወዲያ! ከሻይ ሌላ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ስሙን ያወጣንለት እኛ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ነን። በየዓመቱ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ በምንሠራበት ሰሞን፣ «ቀን ይዋሻል፣ ወር ይዋሻል፣ ሳምንት ግን አይዋሽም» እያለ ያደርቀን ነበር። እኔ የጥረዛ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ከእሱ ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጬ ወረቀት ሳጥፍ፣ ሽቦ ስመታ፣ የቀን መቁጠሪያ አናት በቆርቆሮ ሳስነክስ ኖሬአለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁን ከሰው ሰምቼ አይደለም። ምላሴ ረጅም ነው ይሉኛል፤ ይበሉኝ፣ ሐሰት አይደለም።

ገና እንደተቀጠርኩ አንቱ ስለው ተቆጣኝ። «አንቱ አትበይኝ፣ ነገ የምሞት ይመስለኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ብዬ አንተ እለዋለሁ። ሚስቱንም እትዬ ብዬ አንቺ እላታለሁ። ልብስ ሰፊ ናት። የኔን የሠርግ ቀሚስ የሰፋችው እሷ ናት፤ ትዳሩ ፈረሰ፣ ቀሚሱ ግን እስካሁን አንድ ክር አልተተረተረም።

ጋሼ ሳምንት ሌላ ሥራም ይሠራ ነበር፤ ደረሰኝ፣ የግብዣ ካርድ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የመጣውን ሁሉ። ነፍሱ ግን ያለችው ቀን መቁጠሪያው ላይ ነበር። የእኛ ቀን መቁጠሪያ ሁለት ዘመን ባንድ ገጽ የሚያሳይ ነው። እያንዳንዱ ሳጥን መሐል ላይ በትልቁ የእኛ ቀን ይቀመጣል፤ ከታች በቀኝ ጥግ ደግሞ ትንሿ የፈረንጅ ቀን አለች። ለሚያየው ሰው ቀላል ነገር ነው። ትልቁን ትደረድራለህ፣ ትንሿን ከሥሩ ትወትፋለህ፣ በዓሉን ቀይ ትቀባለህ፣ በጨረቃ የሚወሰነው በዓል ላይ ኮከብ አድርገህ ከግርጌ «በአንድ ቀን ሊለወጥ ይችላል» ትላለህ፣ አለቀ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

እሱ ግን ሁለት ረጃጅም የካርቶን ቁራጮች ነበሩት፤ ጠርዛቸው በእጅ ብዛት ወዝቷል። አንዱ ላይ የእኛ ቀኖች፣ አንዱ ላይ የፈረንጆቹ ተጽፈዋል። ጎን ለጎን አስተኝቶ አንዱን በአንዱ ላይ እያንሸራተተ ያገጣጥማቸዋል። ከዚያ ሦስት ቦታ ላይ ይወጋቸዋል፤ እኔ «የጋሼ ችካሎች» እላቸው ነበር። አንደኛው የእኛ መስከረም አንድ፣ ሁለተኛው የፈረንጆች ጃንዋሪ አንድ፣ ሦስተኛው ማርች አንድ። በሦስቱም ቦታ የሳምንቱ ቀን ልክ መሆን አለበት። ሰኞ በእኛም ሰኞ ነው፣ በፈረንጅም ሰኞ ነው፤ ሁለቱ ዘመኖች የሚስማሙበት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ሳምንት አይዋሽም የሚለው ለዚህ ነበር።

ሰው የሚሳሳተው በአራት ዓመት አንዴ ነው። ጳጉሜ ብዙውን ጊዜ አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች። ያን ጊዜ ቀጣዩ መስከረም አንድ እንደ ወትሮው በሴፕቴምበር አስራ አንድ መዋሉ ቀርቶ በአስራ ሁለት ይውላል፣ ትንሿ ቁጥር ዓመቱ ከገባ ጀምሮ በአንድ ትጨምራለች። ፈረንጆቹ በፌብሩዋሪ መጨረሻ የራሳቸውን ትርፍ ቀን ሲያስገቡ ነገሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። በመሐል ያለው አምስት ወር ተኩል ነው ጣጣው። ልደት እንኳ ሁልጊዜ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ የነበረው በዚያ ዓመት ሃያ ስምንት ይውላል። ጋሼ ያን ዓመት ሲደርስ እንደ አራስ ቤት ጸጥ በሉ ይለን ነበር። እኛም እንስቅበት ነበር፤ ሃያ ሰባት ዓመት ግን አንዲት ቁጥር ስታ አታውቅም።

ጳጉሜንም ነሐሴ እግር ሥር ወሽቀው እንዳያትሟት ሲሟገት ነው የኖረው። ወረቀት ይቆጥባል ይሉታል፣ እሱ ደግሞ «ወር ናት፣ የራሷ ገጽ ይገባታል» ይላል። የማተሚያ ቤቱ አሮጌው ባለቤት ይስቁና እሺ ይሉታል። ነፍሳቸውን ይማር፣ ለወረቀት የሚሳሱ ቢሆኑም ሰው ያውቁ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ቤቱ በአማቻቸው እጅ ወደቀ። አማችየው የማይመልሰው ጥያቄ የለም፣ መልሱ ግን አንድ ነው፤ «ችግር የለም!» ማሽኑ ቀለም ይረጫል፣ ችግር የለም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ችግር የለም። እኔ ራሴ ነኝ አቶ ችግር የለም ብዬ የሰየምኩት፤ ስሙ ከእሱ ቀድሞ ቢሮው ይገባል።

አሁን ወደ እትዬ ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና። ግራ ዓይኗን ያጣችው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ብሌኑ ቀስ እያለ ነጣ፣ አንድ ቀን ጭራሽ ጨለመባት። ቀኝ ዓይኗም ያንኑ መንገድ ጀመረ። ጉም ለበሰ እንጂ አልጠፋም፤ ጋሼ የኅትመት ነጥብ የሚታይበትን ማጉያ መነጽር ከማተሚያ ቤት አምጥቶላት በእሱ እያየች ክር ታስገባለች፣ የልብስ ልክ ትጽፋለች። ሐኪሞቹ መድኃኒቱ አንድ ነው አሏት፤ ሰው ሲሞት ከሚለግሰው ብሌን ተወስዶ የእሷ ይቀየርላታል። ያን የሚሠሩት ደግሞ በዓመት አንዴ፣ ለጥቂት ቀን የሚመጡ የውጭ ሐኪሞች ናቸው። ተመዘገበች፤ ሁለት ዓመት ጠበቀች። «ዘንድሮ ይደርስሻል» ተባለች። ቤቱ ውስጥ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረም። ዓይኗ ሲበራ መጀመሪያ የምታየው የእኔን ሽበት እንደሆነ ነግራኛለች፤ እኔም ቀለም ልቀባ ተፍ ተፍ እያልኩ ነበር።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው አቶ ችግር የለም ቀን መቁጠሪያውን ራሴ ልሥራው ያለው። አንድ የቀለም ፋብሪካ ለደንበኞቹ የሚያድለው አራት ሺህ አዞን ነበር። ሰውዬው ያለፈውን ዓመት ፋይል ከኮምፒውተሩ አወጣ፣ አዲሱ ዓመት ማክሰኞ እንደሚገባ ጠይቆ ተረዳ፣ ያለፈው እሑድ ነበርና ሳጥኖቹን ሁሉ ሁለት ሁለት ቀን ገፋቸው። ሁለት ሰዓት ብቻ ፈጀብኝ ብሎ ደረቱን ነፋ። ትልቁ ቁጥር ልክ ቦታው ሄደ። ትንሿ ግን ከትልቁ ጋር የተጣበቀች ናት፤ አብራው ተገፍታ ያለፈውን ዓመት ቀን እንደያዘች አዲሱ ዓመት ውስጥ ገባች። ያቺ ጳጉሜ ደግሞ ስድስት ነበረች። የፈረንጁ ቀን ከመስከረም አንድ እስከ የካቲት ሃያ አንድ ድረስ ባንድ ቀን ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። ልደትም ሃያ ዘጠኝ ላይ እንደ ወትሮው ቀልታ ቁጭ ብላለች።

ጋሼ አይቶ የሚፈርምበት ማረሚያ የመጣለት ገጹ የሚቀረጽበት ፕሌት ከተሠራና ወረቀቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ማረሚያ ከፕሌት በኋላ ሲመጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በእኛ ቤት መጣ። ካርቶኖቹን እንኳ አላወጣም። አንድ ወረቀት አስመጪ የሰጠውን የፈረንጅ አጀንዳ ገለጠና፣ የታኅሣሥን ገጽ በጣቱ እየነካ፣ «ጃንዋሪ አንድ ሰኞ ነው። እዚህ ማክሰኞ ላይ ምን ትሠራለች?» አለ። ፊቱ አመድ መሰለ።

አቶ ችግር የለም ተጠራ። መጣ፣ አየ፣ የሚለውን አለ። ደንበኛው በሦስት ቀን ውስጥ ይፈልገዋል፤ ከመስከረም እስከ የካቲት ያለውን ፕሌት ሁሉ እንደገና መሥራት አይሞከርም፤ ደግሞስ ትንሿን ቁጥር ማን ያያታል? የቢሮ ሰው ስልኩን ነው የሚያይ። ጋሼ በዓሉም ስቷል አለው። በዓሉን ሬዲዮ ይነግራቸዋል አለና ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የጋሼ ዕድሜ ከጡረታ አልፏል፣ ውሉ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ነው የሚታደሰው፣ ወረቀቱም ጠረጴዛው ላይ ነው አለ። የሚታደሰውን ውልና የሚፈረመውን ማረሚያ አንድ ላይ አስቀመጠለት። ይህን ሳወራ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ጋሼ እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ለምን እኔን እንዳየኝ አላውቅም፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ ይሆናል። እኔ እግሬ አብጧል፣ አራት ሺህ ቆርቆሮ ከፊቴ ተከምሯል፣ ታክሲ ሳይጠፋ ቤቴ መግባት ነው የምፈልገው። የእትዬም ነገር በሐሳቤ አለ፤ እሱ ከሥራ ቢወጣ መድኃኒቷን በምን ይገዛል?

«ፈርም በቃ ጋሼ፣ ቀን ነው እንጂ ሰው አልገደልክ» አልኩት።

ፈረመ። «ታርሟል፣ ይታተም» ከሚለው ሥር ያቺን የምታምር ፊርማውን አኖረ። እኔም አራት ሺውን በቆርቆሮ አስነከስኩት፤ አንዱንም ሳላስቀር።

መስከረም ገባ። አንዳንድ ዓይን ያላቸው ሰዎች ደወሉ፤ አቶ ችግር የለም የኮምፒውተር ነገር ነው እያለ ሸኛቸው። ጋሼ እንደ ልማዱ አንድ ቀን መቁጠሪያ ይዞ ቤቱ አልገባም። እትዬ ሳምንት ጠበቀች፣ ሁለት ሳምንት ጠበቀች፤ ከዚያ «ዘንድሮ ቀን መቁጠሪያ ጾም ነው?» ብላ ቀለደችበት። ሃያ ሰባት ዓመት ያ ግድግዳ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አልቆ ነው አላት። አራት ሺህ እንዴት ያልቃል ብላ ስትስቅ፣ ጉዱ እንዳይወጣ ፈራና በማግስቱ አምጥቶ ሰቀለላት። በኋላ እኔ ስጠይቀው፣ እሷ የምታየው ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የደንበኞቿን የልብስ ቀን የምትከብበው በትልቁ ነበር። እኔን እንዲህ እናደርጋለን ብሎ ያማከረኝ ሰው የለም፤ ቤታቸው ሄጄ ተሰቅሎ ሳየው ግን ምላሴን ነክሼ ሻዬን ጠጣሁ። ለሌላ ጊዜ የማይታዘዝልኝ ምላስ፣ ያን ቀን አርፎ ተቀመጠ።

ስልኩ የተደወለው ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ጋሼ ሥራ በዋለበት ሰዓት ነው። ከውጭ ሐኪሞቹ ጋር የምትሠራ ነርስ ናት። ሐኪሞቹ ቀጠሮውን የያዙት በራሳቸው ቀን ስለሆነ እሷም እንደተጻፈላት ነገረቻት፤ ኖቬምበር ሃያ ስምንት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ምንም ሳይቀምሱ። የሳምንቱን ቀን አላለቻትም። ብትላት ኖሮ እኮ! እትዬም አልጠየቀችም፤ ደስታው መቼ ያስጠይቃታል። የእጅ ስልኳ እንደሆነ ባትሪው በወጣ ቁጥር ቀኑ ይጠፋበታል፣ ያን ሰሞን ከገበያ የወጣ አሮጌ ዓመት ላይ ቆሞ ነበር። ወንበር ቀን መቁጠሪያው ሥር ስባ ወጣችበት፤ ማጉያውን በቀኝ ዓይኗ ላይ ደግና ትንንሾቹን ቁጥሮች አንድ በአንድ ፈለገች። ሃያ ስምንትን ኅዳር አስራ ዘጠኝ ሳጥን ውስጥ አገኘቻት፣ ረቡዕ። በቀይ እርሳስ ሁለት ጊዜ ከበበቻት።

ትክክለኛው ቀን ኅዳር አስራ ስምንት፣ ማክሰኞ ነበር።

ጋሼ ማታ ሲገባ ክቡን አየ። ረቡዕ፣ ኅዳር አስራ ዘጠኝ ተቀጥሬአለሁ አለችው። እቅፍ አድርጎ ሳማት። ለእሷ በፈረንጅ ቀን ይነግሯታል ብሎ ከየት ያስብ? እኔም ሰምቼ እልል ብያለሁ። ሁለታችንም ያ ወረቀት እንደሚዋሽ እናውቃለን፤ ሁለታችንም ያን የምታህል ክብ ከፊታችን ቆማ ማን ነገረሽ፣ እንዴት ብሎ ነገረሽ አላልናትም። ሃያ ሰባት ዓመት ሁሉን ሦስት ቦታ ሲወጋ የኖረ ሰው፣ የሚስቱን ቀን አንድ ቦታ እንኳ አልወጋትም።

ረቡዕ ጠዋት ማክሰኞ የሰፋችውን አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ሆዷ ባዶ ሆኖ ከጋሼ ጋር ሆስፒታል ሄዱ። በሩ ላይ ያለችው ነርስ ዝርዝሯን ወደ ታች ወደ ላይ አየችና፣ «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ትናንት ነበሩ። እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅንዎት፣ ስልክዎም አይሠራም» አለቻት። ብሌኑ ለሚቀጥለው ተረኛ ተሰጥቷል፤ ብሌኖቹ የመጡት በቁጥር ነው፣ እያንዳንዱ የሚጠብቀው ተረኛ አለው። ሐኪሞቹም ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው። ለሚመጣው ዓመት እንደገና ይመዘገባሉ አለቻት፤ ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር አሉ።

በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የሰዎች ስም፣ ከስሙ ፊት ለፊት የፈረንጅ ቀን። ጋሼ ያቺን ሃያ ስምንት ባየ ጊዜ ያለ ማንም ነጋሪ ገባው። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ። እትዬ ግን የእሱን እጅ ይዛ፣ እሱን ነበር የምታጽናናው። «ዓይኔ ነው የከዳኝ። ያችን ደቃቃ ቁጥር አሳስቶ አነበበልኝ። አንተ ምን ታደርግ» አለችው።

እሱም እጇን ይዞ ወደ ታክሲው መራት።

በማግስቱ ወረቀት መቁረጫው አጠገብ ቆሞ ሁሉን ነገረኝ። ማሽኑን አጥፍቼ ሰማሁት። ዛሬውኑ ንገራት አልኩት። ነገ አለኝ። በነገታው ስጠይቀው ከነገ ወዲያ አለኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ታኅሣሥ ገባ። እትዬ በዚያ ሁሉ ቀን ያቺን የቀረች ዓይኗን ስትራገም ነው የከረመችው። ለጎረቤት ትናገራለች፣ ለደንበኛ ትናገራለች፤ «በገዛ ዓይኔ ዓይኔን ጣልኩት» ትላለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ እንጃ፣ ያ ዝምታ ሆዴ ውስጥ ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር።

ልደት ሊውል ጥቂት ቀን ቀረው። ሬዲዮው ሃያ ስምንት፣ እሑድ አለ፤ የእኛ ቀን መቁጠሪያ ሃያ ዘጠኝ፣ ሰኞ ይላል። ከተማው ተነሣ! የቀለም ፋብሪካው ለሠራተኛው በቀን መቁጠሪያው መሠረት ማስታወቂያ ለጥፎ ኖሮ መሳቂያ ሆነ፤ ደንበኞቹ ደወሉ፣ አለቃቸው ከእኛ ቤት መጥቶ ጠረጴዛ ደበደበ። የአንዲት ሴት የዓይን ተስፋ በጠፋ ጊዜ አንድ ሰው ቀና ብሎ አላየም፤ በዓል ሲስት ግን አገሩ ሁሉ አዋቂ ሆነ። አቶ ችግር የለም ሲጨንቀው መሳቢያውን ስቦ ማረሚያውን አወጣ። የጋሼ ፊርማ አለችበት፤ ምን ይደረግ፣ ሰውየው ደክሟል፣ አርጅቷል አላቸው። ጋሼ በዚያው ቀን ካርቶኖቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወጣ። ሃያ ሰባት ዓመት በጋዜጣ ተጠቅልሎ በብብት ይገባል ለካ።

በበዓሉ ቀን ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። ጎረቤት ቀድሞኛል፤ የእናንተ ማተሚያ ቤት በዓሉን ሰኞ አደረገው፣ የፈረንጁንም ቀን አሳሳተው ብሎ እየሳቀ ወጥቷል። ስገባ እትዬ ቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አውርዳ ጭኗ ላይ በአፉ ደፍታዋለች። ጋሼ ከፊቷ ተቀምጧል። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

«ትንሿ ቁጥር ከመቼ ጀምሮ ነው የተሳሳተችው?» አለችው።

«ከመስከረም አንድ።»

«ኅዳርም?»

«ኅዳርም።»

«ስትፈርም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ጣቶቿ የወረቀቱን ጠርዝ ልክ እንደ ጨርቅ ጥምዝ እያደረጉ ይዳስሱ ነበር። «ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ዓይኔ ነው የከዳኝ ስልህስ? ያኔስ?»

ጋሼ አንገቱን ደፋ። «ያኔም» አለ።

እኔ ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። «እኔ እኮ አርባ ቀን ሙሉ ዓይኔን ስረግም ከረምኩ» አለች።

«ሠላሳ ዘጠኝ» አለ ጋሼ።

አፉ ነው ያመለጠው። ለክፋት አይደለም፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሰው ቀን በተናገረ ቁጥር የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ከአስራ ዘጠኝ እስከ ሃያ ስምንት ቆጥሮ ጨርሶታል። ወዲያው ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው እሱም እኔም ደስ ባለን ነበር።

እትዬ በዚያች ጉም በለበሰች ዓይኗ ወደ ድምፁ ዞረች። «እሱን ልክ ቆጠርከው» አለችው።

ከዚያ ተነሥታ፣ ግድግዳውን በመዳፏ ዳስሳ ምስማሩን አገኘችና ቀን መቁጠሪያውን መልሳ ሰቀለችው። ለምን ትሰቅይዋለሽ አልኳት። ይቀመጥ አለች።

ያ ወረቀት ከየካቲት ሃያ ሁለት ጀምሮ ልክ ሆኗል። ፈረንጆቹ ትርፍ ቀናቸውን ስላስገቡ ማንም ሳይነካው ትንሿ ቁጥር ከቦታዋ ገጠመች። አቶ ችግር የለም ይህን ሲሰማ፣ አላልኳችሁም፣ ራሱ ታረመ ብሎ ሳቀ። የእትዬ ቀኝ ዓይን የጨለመው ከዚያ በፊት፣ ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ለሚመጣው ዓመት ተመዝግባለች፤ ተራዋ ግን ከታች ሆኗል፣ ይደርሳታል ያለ ሰው የለም። የስፌት መኪናዋን ጨርቅ አልብሳዋለች።

ጋሼ ቤት ነው የሚውል። ሻይ ያፈላላታል፣ እጇን ይዞ ደጅ ያወጣታል፣ ካርቶኖቹን አልጋው ሥር አስገብቷቸዋል። የምትጠይቀውን ሁሉ ይመልሳል፣ የምትጠይቀው ግን ጥቂት ነው፤ ውሃ አቀብለኝ፣ በሩን ዝጋው። ቀን አትጠይቀውም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ስልኬ ይጮሃል፣ እትዬ ናት። ዛሬ ምን ቀን ነው ትለኛለች። በእኛ እነግራታለሁ። በፈረንጅስ ትለኛለች። እሱንም እነግራታለሁ፤ እሷ ግን ዋናውን፣ የሳምንቱን ቀን፣ ሁለቴ ታስደግመኛለች። ጋሼ አጠገቧ ተቀምጦ ሲስል በስልኩ ይሰማኛል።

በምድር ላይ ቀን እንደ እሱ የሚያውቅ ሰው አጠገቧ አለ፣ እሷ የምታምነው ግን እኔን ነው። እኔም ስልኩን በዘጋሁ ቁጥር ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። ፈርም ያልኩት እኔ መሆኔን እስካሁን አልነገርኳትም።